ዋርፋሪን፣ ሜትሮኒዳዞል እና የበርሜሉ ቀዳዳ፦ «ከፕሮቲን አፈናቀለው» የሚለው መልስ ለምን አይበቃም?

እስቲ በፋርማኮሎጂ ፈተና ላይ ደጋግሞ ከሚመጣ ጥያቄ እንነሳ። «ዋርፋሪን የምትወስድ ታካሚ ሌላ መድኃኒት ተጨመረላት። ከጥቂት ቀናት በኋላ መድማት ጀመረች። ለምን?»

ብዙ ተማሪ ሳያቅማማ የሚጽፈው መልስ ይህን ይመስላል፦ «ዋርፋሪን ደም ውስጥ 99 በመቶው ከፕላዝማ ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ነው የሚገኘው። የሚሠራው ነጻ የሆነው 1 በመቶ ብቻ ነው። አዲሱ መድኃኒት ዋርፋሪንን ከፕሮቲኑ ላይ አፈናቀለው። የተያያዘው ከ99 ወደ 98 በመቶ ሲወርድ፣ ነጻው ከ1 ወደ 2 በመቶ ወጣ። በእጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ ደማች።»

ሒሳቡ ልክ ነው። ከ1 ወደ 2 መውጣት በእርግጥም እጥፍ ነው። ችግሩ ያለው መጨረሻ ላይ ባለችው «ስለዚህ» ላይ ነው። ይህች «ስለዚህ» ፈተና ላይ ነጥብ ብታስገኝም፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ግን ሰው ልትጎዳ ትችላለች። እንዴት? እስቲ በአንድ ምሳሌ እንየው።

ሕጉ አደጋ የለም ያለበት ቦታ

ድሬዳዋ የምትኖር አንዲት የ30 ዓመት ሴት እናስብ። ለምሳሌ ብለን የፈጠርናት ታካሚ ናት፤ ታሪኳ ግን አገራችን ውስጥ እንግዳ አይደለም። በልጅነቷ በተደጋጋሚ የጉሮሮ ሕመም የጀመረ የሩማቲክ የልብ በሽታ አንዱን የልቧን ቫልቭ አበላሸው። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሰው ሠራሽ ቫልቭ ገባላት። ቫልቩ ላይ ደም እንዳይረጋ ዕድሜ ልኳን ዋርፋሪን ትወስዳለች። ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካው አይ.ኤን.አር. የሚባለው ምርመራ፣ ለእሷ ዓይነት ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል። የእሷ 2.8 ነው። ጥሩ ነው።

አንድ ቀን ሆዷን ያማታል፤ ተቅማጥም አላት። አሜባ ተባለችና ሜትሮኒዳዞል በቀን ሦስት ጊዜ ለ7 ቀን ታዘዘላት። መድኃኒቱን የሚሰጣት ባለሙያ ዋርፋሪን እንደምትወስድ ሰማ። የተማረውን ሕግ አስታውሶም ያሰላስላል፦ «ሜትሮኒዳዞል ከፕላዝማ ፕሮቲን ጋር የሚያያዘው ከ20 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ዋርፋሪንን ሊያፈናቅል አይችልም። ችግር የለውም።» ሰጣት።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷ ይደማል፤ እግሯ ላይ ሳትመታ ሰማያዊ ምልክት ይወጣል። አይ.ኤን.አር. ሲለካ ከ6 በላይ ሆኗል።

ሜትሮኒዳዞል ከዋርፋሪን ጋር በጥንቃቄ ሊታዩ ከሚገባቸው መድኃኒቶች ግንባር ቀደም ነው። ማፈናቀል ግን አይችልም። ሕጉ «አደጋ የለም» ያለበት ቦታ ላይ አደጋ ተገኘ ማለት ነው። ታዲያ ማድማቱን ያመጣው ምንድን ነው? ይህን ለመመለስ መጀመሪያ «መያያዝ» የሚባለውን ነገር በደንብ እንየው።

ስድስት መቶ ወንበር፣ ሦስት ተሳፋሪ

ደማችን ውስጥ ከሚዞሩት ፕሮቲኖች ብዛቱን የሚይዘው አልቡሚን ይባላል። ጉበት ነው የሚሠራው። በአንድ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ 40 ግራም ገደማ አለ። ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ውኃ ውስጥ በደንብ የማይሟሙ ነገሮችን ተሸክሞ ማጓጓዝ ነው፤ ብዙ መድኃኒቶችም ይሳፈሩበታል። ተሳፍሮ የቀረ ግን የለም። መድኃኒቱ በየቅጽበቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። «99 በመቶ ተያይዟል» ሲባል በማንኛውም ቅጽበት ብትቆጥሩ ከ100 ሞለኪውል 99ኙ ተሳፍሮ፣ አንዱ ወርዶ ታገኙታላችሁ ማለት ነው።

ከደም ሥር ወጥቶ የሚሠራበት ቦታ የሚደርሰው የወረደው፣ ማለትም ነጻው ነው። እዚህ ድረስ ተማሪው ልክ ነው።

አሁን ግን ወንበሩንና ተሳፋሪውን እንቁጠር። 40 ግራም አልቡሚን በሞለኪውል ብዛት ሲሰላ 600 ማይክሮሞል ገደማ ይሆናል። በተለመደው መጠን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙ ውስጥ በሊትር 1 ሚሊግራም ገደማ ዋርፋሪን ቢኖረው፣ ይህ 3 ማይክሮሞል ብቻ ነው። ሌላውን ትተን እያንዳንዱ አልቡሚን አንድ ወንበር ብቻ አለው ብንል እንኳ፣ ስድስት መቶ ወንበር ባለው ባቡር ላይ ሦስት ሰው ተሳፈረ እንደማለት ነው። አራተኛ፣ አምስተኛ፣ አሥረኛ ሰው ቢሳፈር ማን ከወንበሩ ይነሳል?

ለማፈናቀል አዲሱ መድኃኒት ራሱ በመቶዎች በሚቆጠር ማይክሮሞል መግባት አለበት፤ ባቡሩን የሚሞላ ብዛት ማለት ነው። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች አሉ። በከፍተኛ መጠን የሚወሰድ አስፕሪን፣ ቫልፕሮይክ አሲድ፣ የድሮው ፌኒልቡታዞን ይጠቀሳሉ። ግን ብዙ አይደሉም። አንድ መድኃኒት «95 በመቶ ይያያዛል» ስለተባለ ብቻ አፈናቃይ አይሆንም፤ ወሳኙ ስንት ሆኖ መጣ የሚለው ነው።

የበርሜሉ ሒሳብ

እሺ፣ አፈናቃይ መጣ እንበል። ብዙ ሆኖ መጣ፤ ዋርፋሪንም ተፈናቀለ። ያኔስ?

ድሬዳዋ ውስጥ ውኃ በበርሜል ማጠራቀም የተለመደ ነውና አንድ በርሜል እናስብ። ከላይ ቧንቧው ሳያቋርጥ ቀጭን ውኃ ያወርዳል። ከታች ትንሽ ቀዳዳ አለ። ውስጡ ደግሞ ትልቅ ስፖንጅ ተነክሯል። በርሜሉ ውስጥ ያለው ውኃ አብዛኛው ስፖንጁ ውስጥ ነው። በቀዳዳው የሚወጣው ግን ከስፖንጁ ውጭ ያለው ነጻ ውኃ ብቻ ነው። ነጻው ውኃ ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ ይጨምርና በቀዳዳው ቶሎ ይወጣል። የሚገባውና የሚወጣው እኩል የሆኑበት ቦታ ላይ የውኃው ከፍታ ይረጋል።

ቧንቧው በየቀኑ የሚወሰደው ክኒን ነው፤ ስፖንጁ አልቡሚን፤ ቀዳዳው ዋርፋሪንን ለውጦ የሚያስወግደው ጉበት።

አሁን ስፖንጁን ጨመቅ አድርጉት። ይህ ነው ማፈናቀል። ነጻው ውኃ ወዲያው ከፍ ይላል። ከፍ ሲል ግን በቀዳዳው የሚወጣውም ይጨምራል። ከቧንቧ የሚገባው አልተለወጠም። ስለዚህ ከፍታው እየወረደ፣ እየወረደ መጀመሪያ ወደነበረበት ይመለሳል። በመጨረሻ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስፖንጁ ውስጥ ያለው ውኃ ቀነሰ። ነጻው እንደነበረ ነው።

ይህንኑ በቁጥር እንሥራው። ታካሚያችን በቀን 5 ሚሊግራም ዋርፋሪን ትወስዳለች፤ ጉበቷም በቀን 5 ሚሊግራም ያስወግዳል። አንድ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ 1000 ማይክሮግራም ዋርፋሪን አለ፦ 990ው የተያያዘ፣ 10ሩ ነጻ።

አፈናቃዩ ሲመጣ 980 የተያያዘ፣ 20 ነጻ ሆነ። የፈተናው መልስ እዚህ ላይ ይቆማል። ጉበት ግን እዚህ ላይ አይቆምም። ለዋርፋሪን ጉበት የሚያስወግደው ከነጻው መጠን ጋር አብሮ ነው የሚሄደው፤ ነጻው እጥፍ ሲሆን የሚወገደውም እጥፍ ይሆናል። በቀን 5 እየገባ 10 ሚሊግራም ፍጥነት መውጣት ይጀምራል። ከገቢው ወጪው በለጠ። ስለዚህ ጠቅላላው መውረድ አለበት። እስከ የት? ወጪው እንደገና 5 እስኪሆን፣ ማለትም ነጻው እንደገና 10 እስኪሆን ድረስ። አሁን ነጻው ከጠቅላላው 2 በመቶ ስለሆነ፣ 10 ነጻ የሚሆነው ጠቅላላው 500 ሲደርስ ነው፦ 490 የተያያዘ፣ 10 ነጻ።

ጠቅላላው በግማሽ ወረደ፤ የሚሠራው ነጻው ግን አልተነቃነቀም። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። በመሃል ያለችው የነጻው ጭማሪም ብትሆን በተግባር በወረቀት ላይ ከምናሰላው ታንሳለች። አፈናቃዩ ራሱ አንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው ደም ውስጥ የሚጠራቀመው፤ የተፈናቀለው ዋርፋሪንም በከፊል ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ይበተናል።

ቀዳዳው ሲጠብስ?

አሁን ስፖንጁን አትንኩት። በእሱ ፈንታ ቀዳዳውን በጭቃ ከፊሉን ድፈኑት። የሚገባው ያው ነው፤ የሚወጣው ቀነሰ። ውኃው ከፍ ይላል፤ ከፍ ይላል፤ ግፊቱ ጨምሮ በጠበበው ቀዳዳ እኩል ማስወጣት እስኪችል ድረስ። ከዚያ እዚያው ከፍታ ላይ ይቆያል። ጭቃው እስካልተነሳ ድረስ አይወርድም።

ሜትሮኒዳዞል የሚያደርገው ይህንን ነው። ዋርፋሪን የሚባለው ክኒን እንደ ግራና ቀኝ እጅ የመስታወት መልክ ያላቸው ሁለት ሞለኪውሎች ቅልቅል ነው፤ ኤስ እና አር ይባላሉ። ደም እንዳይረጋ በማድረግ ኤስ ከአር በብዙ እጥፍ ይበረታል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ኦሬሊ በ1976 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ሁለቱን ለየብቻ ለሰዎች ሰጥቶ ከሜትሮኒዳዞል ጋር ሞከራቸው። ሜትሮኒዳዞል የኤስን ኃይል አበረታ፤ አርን ግን አልነካውም። ጉዳዩ የወንበር ሽሚያ ሳይሆን፣ ብርቱውን ኤስን የማስወገዱ ሥራ መዘግየት ነው። በአገራችን በብዛት የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞልም ኤስን የሚለውጠውን የጉበት ኢንዛይም ያዘገየዋል፤ አደጋው ከዚያ ይመጣል።

መድማቱ በአንድ ቀን ያልመጣበት ምክንያትም እዚህ ጋ ይታያል። ዋርፋሪን መጀመሪያ ቀስ እያለ መጠራቀም አለበት። ከዚያም ቀድመው የተሠሩት የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች እስኪያልቁ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ ሜትሮኒዳዞል የግድ ሲያስፈልጋት አይ.ኤን.አሯ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መለካት አለበት። ሐኪሟም የዋርፋሪኑን መጠን ለጊዜው መቀነስ ይኖርበት እንደሆነ ይወስናል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ደግሞ ቀዳዳው ተመልሶ ስለሚከፈት እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ታካሚ ግን በራሷ ዋርፋሪን ማቆም የለባትም፤ ቫልቩ ላይ የረጋ ደምም ይገድላል።

አፈ ታሪኩ ከየት መጣ?

እንዲያው ከሜዳ አልመጣም። በ1967 እ.ኤ.አ. ኦሬሊ ራሱ ያለበት ቡድን ፌኒልቡታዞን የተባለ የሕመም ማስታገሻ የዋርፋሪንን ኃይል እንደሚያበረታ አሳየ። ደም ውስጥ ያለው ጠቅላላ ዋርፋሪን ሲለካ ግን አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀነሰ። ኃይሉ ጨመረ፣ መጠኑ ቀነሰ። ፌኒልቡታዞን ደግሞ እውነተኛ አፈናቃይ ነው። ስለዚህ «ማፈናቀል ነው» የሚለው ማብራሪያ ልክ ይመስል ነበር። ከዚያም ወደ መማሪያ መጻሕፍት ገባ።

በ1974 እ.ኤ.አ. ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ኤስንና አርን ለይተው ለኩ። ፌኒልቡታዞን የብርቱውን ኤስ መወገድ ያዘገያል፤ የደካማውን አር መወገድ ደግሞ ያፋጥናል። ሁለቱን ደምራችሁ ስትለኩ አንዱ የጨመረውን ሌላው ይሸፍነዋል፤ «መጠኑ አልጨመረም» ትላላችሁ። በተግባር ግን አድሚው ኤስ እየተጠራቀመ ነበር። ማፈናቀሉ እውነት ነው፤ ተፈጽሟል። የመድማቱ ዋና ምክንያት ግን እሱ አልነበረም።

ተመሳሳይ ስሕተት በሕመም ማስታገሻዎች ላይም ይታያል። ዋርፋሪን ከዲክሎፌናክ ጋር ለምን አደገኛ ሆነ ሲባል «ያፈናቅለዋል» ይባላል። የተለመደው የዲክሎፌናክ መጠን ደም ውስጥ የሚደርሰው ጥቂት ማይክሮሞል ብቻ ነው፤ ባቡሩን አይሞላም። አደጋው ግን እውነተኛ ነው። ዲክሎፌናክ የጨጓራን ግድግዳ ያቆስላል፤ ደም ለማቆም መጀመሪያ የሚደርሱትን ፕሌትሌቶችም ያዳክማል። አይ.ኤን.አር. ባይጨምርም ሰው ሊደማ ይችላል። «ማፈናቀል ነው» ብሎ አይ.ኤን.አርን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ይህንን አያየውም።

መያያዝ በእርግጥ የሚያሳስብበት ቦታ

ታዲያ ይህን ምዕራፍ ከመጽሐፉ እንቅደደው? አይደለም። ሁለት ቦታ ላይ በጣም ያስፈልጋል።

አንደኛው የላብራቶሪ ውጤት ስናነብ ነው። ፌኒቶይን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። ደም ውስጥ በሊትር ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም እንዲሆን ይፈለጋል፤ ነጻው 10 በመቶ ስለሆነ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ነጻ ይኖራል ማለት ነው። አሁን አልቡሚኑ በምግብ እጥረት ወይም በኩላሊት በሽታ የቀነሰ ታካሚ አስቡ፤ ነጻው 20 በመቶ ሆኗል እንበል። ላብራቶሪው የሚለካው ብዙውን ጊዜ ጠቅላላውን ነው፤ 8 ብሎ ጻፈ። «አነሰ፣ መጠኑ ይጨመር» ያሰኛል። የ8 ሃያ በመቶ ግን 1.6 ነው፤ ልክ መሃል ላይ። ፌኒቶይን ደግሞ ጉበት የማስወገድ አቅሙ ቶሎ የሚሞላበት መድኃኒት ስለሆነ ትንሽ ጭማሪ ብዙ ያጠራቅማል፦ ዓይን ይንቀጠቀጣል፣ አረማመድ እንደ ሰካራም ይሆናል። እዚህ ላይ ታካሚውን የጎዳው መያያዙ መቀነሱ አይደለም፤ ቁጥሩ በስሕተት መነበቡ ነው።

ሁለተኛው አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ላይ ነው። ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን የተባለው ነገር ከአልቡሚን ጋር ተያይዞ ይቆያል። ነጻ ሲወጣ አንጎል ውስጥ ይገባል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ኢንፌክሽን ለመከላከል ተብሎ ሰልፊሶክሳዞል ከፔኒሲሊን ጋር ይሰጥ ነበር። በ1956 እ.ኤ.አ. ዊልያም ሲልቨርማንና ባልደረቦቹ ይህን ከሌላ አንቲባዮቲክ ጋር ሲያወዳድሩ፣ ሰልፋ ያገኙት ሕፃናት በብዛት እንደሞቱና አንጎላቸው በቢሊሩቢን እንደተጎዳ አገኙ። ሰልፋው ቢሊሩቢንን ከአልቡሚን አፈናቅሎ ነበር። ዛሬም ሴፍትሪያክሶን ቢጫ ለሆነ ጨቅላ የማይሰጠው ለዚህ ነው።

እዚህስ ማፈናቀል ለምን ገዳይ ሆነ? በርሜሉን አስታውሱ። የጨቅላው ጉበት ገና ቢሊሩቢንን ለማስወገድ አልጎለበተም። ስፖንጁ ሲጨመቅ ውኃው የሚወጣበት ቀዳዳ የለም ማለት ይቻላል።

ከእነዚህ ውጭ፣ ጉበት በአንድ ዙር አብዛኛውን ጠራርጎ የሚያስወግዳቸውና በደም ሥር በቀጥታ የሚሰጡ እንደ ሊዶኬይን ያሉ ጥቂት መድኃኒቶች የበርሜሉን ሒሳብ ሙሉ በሙሉ አይከተሉም። በአፍ ለሚወሰዱት ለአብዛኞቹ ግን ሒሳቡ ይሠራል። ሌስሊ ቤኔት እና ቤቲ ሆነር በ2002 እ.ኤ.አ. መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ ፈትሸው የደረሱበት መደምደሚያም በፕሮቲን መያያዝ ላይ የሚመጣ ለውጥ ለሕክምና ያለው ትርጉም ትንሽ ነው የሚል ነበር።

እንግዲህ ፈተናው ላይ ምን ይጻፍ?

ያው ጥያቄ እንደገና ቢመጣ፣ ይህን ያህል መጻፍ ይበቃል፦

«ዋርፋሪን ከአልቡሚን ጋር በብዛት ይያያዛል፤ ቢፈናቀል ነጻው መጠን ለጊዜው ይጨምራል። ነገር ግን ጉበት የሚያስወግደውም አብሮ ስለሚጨምር ነጻው በጥቂት ቀናት ወደነበረበት ይመለሳል፤ ጠቅላላው ብቻ ይቀንሳል። ስለዚህ የቆየ መድማት ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኤስ ዋርፋሪን መወገድ መዘግየት ነው፤ ለምሳሌ በሜትሮኒዳዞል ወይም በኮትሪሞክሳዞል። የሕመም ማስታገሻ ከሆነም የጨጓራ ቁስለትና የፕሌትሌት መዳከም ይታያል። አይ.ኤን.አር. መለካት ያስፈልጋል።»

ፈታኙ ማፈናቀልን ብቻ ቢጠብቅ እንኳ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያገኘዋል። መድኃኒት ቤት ስትቆሙ ግን የሚጠቅማችሁ ሦስተኛው ነው። ዋርፋሪን የያዘች ሴት ሜትሮኒዳዞል ስትጠይቃችሁ «ስንት በመቶ ይያያዛል?» ብላችሁ መጽሐፍ አትገልጡም፤ «ቀዳዳውን ይደፍናል ወይ?» ነው የምትሉት።